«Processing» ላይ ቆሞ የሚቀር ቪዲዮ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ቪዲዮ «Processing» የሚለው ጽሑፍ ላይ ቆሞ ሲቀር፣ በኮዬ ፈጬም ሆነ በቱሉ ዲምቱ በመጀመሪያ የሚወቀሰው ኔትወርኩ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ በእርግጥ «Processing» ከሆነ ፋይሉ ከእጃችን ወጥቶ ዩቲዩብ ዘንድ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኛን ኢንተርኔት አይፈልግም። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ፓኬጅ መጨመር ወይም ሲም መቀየር ምንም አይፈይድም። በአዲስ አበባ ዳር ሆነው የሰርግ፣ የምርቃትና የመዝሙር ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ወጣቶች በዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብና ሌሊት ሲያባክኑ አያለሁ፤ ስለሆነም ስህተቶቹን አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

መጫንንና ፕሮሰሲንግን አንድ አድርጎ መቁጠር

ስክሪኑ ላይ «Uploading» ከመቶኛ ቁጥር ጋር እስከታየ ድረስ ፋይሉ ገና በመንገድ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ታቡን መዝጋት ወይም የላፕቶፑን ክዳን መክደን ጭነቱን ያቋርጠዋል። በስልክ የሚጭን ሰው ደግሞ ባትሪ ቆጣቢው መተግበሪያውን ከጀርባ እንዳያስቆምበት መጠንቀቅ አለበት። ጭነቱ ተጠናቅቆ ጽሑፉ ወደ «Processing» ከተለወጠ በኋላ ግን መብራት ቢጠፋም፣ ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ሥራው በዩቲዩብ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀጥላል።

ጭነቱ ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። የ24 ደቂቃ የሰርግ ቪዲዮ በ1080p ጥራት፣ በሴኮንድ 50 ሜጋቢት ሆኖ ኤክስፖርት ከተደረገ ፋይሉ 9 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ የመጫኛ ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜጋቢት በሆነ መስመር ላይ ይህ ፋይል 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። ዩቲዩብ ራሱ በሴኮንድ እስከ 30 ፍሬም ላለው የ1080p ቪዲዮ የሚመክረው 8 ሜጋቢት ሲሆን፣ በዚህ ልክ የወጣው ፋይል 1.4 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ በዚያው መስመር ከአንድ ሰዓት በጥቂት ደቂቃ በላይ ብቻ ይፈጃል። በፍጥነት መለኪያ ላይ መታየት ያለበትም የመጫኛው ቁጥር እንጂ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚታየው የማውረጃው ቁጥር አይደለም።

ዘገየ ብሎ አጥፍቶ እንደገና መጫን

ዩቲዩብ የደረሰውን ፋይል ከፍቶ በየጥራቱ ልዩ ልዩ ቅጂ ያዘጋጃል፤ ዝቅተኛው ጥራት ቀድሞ ይደርሳል፣ ኤችዲና ፎርኬ ተከትለው ይመጣሉ። የአንድ ሰዓት ርዝመት ያለው የፎርኬ ቪዲዮ በሴኮንድ 30 ፍሬም ሆኖ ከፍተኛው ጥራት እስኪጠናቀቅ እስከ 4 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ድርጅቱ በመመሪያው ገልጿል፤ 60 ፍሬም ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ሁለት ሰዓት ጠብቆ ያጠፋው ሰው እንግዲህ የተሠራውን ሁሉ ጥሎ ከዜሮ ይጀምራል፤ ለዘመድ የላከውም ሊንክ አብሮ ይሞታል። መቶኛው አልንቀሳቀስ ሲል ጭነቱ ማለቁን አረጋግጦ ገጹን ማደስ ይበቃል፤ አንዳንድ ጊዜ የቆመው ሥራው ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ነውና።

ፋይሉን ሳይመረምሩ ዩቲዩብን መጠበቅ

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ከሁሉም የሚደበቀውም ይኸው ነው። የኤምፒፎር ፋይል በውስጡ ምስሉና ድምፁ የት የት እንደተቀመጡ የሚናገር ክፍል አለው፤ ሥራውም እንደ መጽሐፍ ማውጫ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ `moov` የሚባለው ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ኤክስፖርቱ ሳያልቅ መብራት ከጠፋ፣ ዲስኩ ከሞላ ወይም ፍላሹ ቅጂው ሳይጠናቀቅ ከተነቀለ ምስሉ በአብዛኛው ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ማውጫው ግን የለም። እንዲህ ያለውን ፋይል የደረሰው ሰርቨር ከየት ጀምሮ እንደሚያነብ አያውቅም።

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በዴስክቶፕ የሚሠራ አንድ የሰርግ ቪዲዮ አዘጋጅ ያጋጠመው ይኸው ነበር። ማታ ኤክስፖርት እያደረገ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ጠዋት ፎልደሩን ሲከፍት 1.3 ጊጋባይት የሆነ ፋይል አገኘ። ከሚጠብቀው መጠን እምብዛም ስለማይርቅ ያለቀ መሰለውና ጫነው። ጭነቱ ያለችግር ተጠናቀቀ፣ ፕሮሰሲንጉ ግን ቀኑን ሙሉ ዜሮ ላይ ቆመ፤ እሱም ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ አድርጎ ደጋግሞ ጫነው። ቪዲዮውን ኮምፒውተሩ ላይ ለማጫወት አልሞከረም ነበር፤ ሞክሮት ቢሆን ኖሮ እንደማይከፈት ወዲያው ያይ ነበር። `ffmpeg` የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የጫነ ሰው ደግሞ አብሮት በሚመጣው መሣሪያ ይህን ይጽፋል፦

```
ffprobe -v error serg.mp4
```

ፋይሉ ሲከፈት ችግር ካልተገኘበት ትእዛዙ ምንም ሳይመልስ ያልቃል። የአዘጋጁ ፋይል ግን `moov atom not found` የሚል መልስ ሰጠ። ለዚህ መድኃኒቱ የአርትዖት ፕሮጀክቱን ከፍቶ እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ ነው፤ ያልተጻፈ ማውጫ በመጠበቅ አይመጣም። አዲሱ ፋይል 1.4 ጊጋባይት ሆኖ ወጣ፣ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አጫውቶ አረጋገጠ፣ የተጫነውም ቪዲዮ በዚያው ቀን አለቀ።

ፋይሉ በትክክል እየተጫወተ ፕሮሰሲንጉ ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ ማውጫውን ወደ ፋይሉ መጀመሪያ አምጥቶ መሞከር ተገቢ ነው፤ ዩቲዩብም የሚመክረው አቀማመጥ ይህ ነው። ምስሉ እንደገና ስለማይሠራ ጥራቱ አይነካም፣ ሥራውም በጥቂት ጊዜ ያልቃል፦

```
ffmpeg -i serg.mp4 -c copy -movflags +faststart serg2.mp4
```

የአርትዖት ፕሮግራሙን የፕሮጀክት ፋይል ቪዲዮ መስሎት የሚጭንም አለ፤ በውስጡ የአርትዖቱ መመሪያ እንጂ ምስል ስለሌለ ከቶ አይሠራም።

ተከፈተ ማለት አለቀ ማለት ነው ብሎ ማመን

ቪዲዮው መጫወት ሲጀምር የተዘጋጀው ምናልባት 360p ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ሊንኩ ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ከተላከ ሙሽሮቹን በደበዘዘ ምስል ያያሉ፣ ጥፋቱም ወደ ካሜራ ባለሙያው ይዞራል። «Checks» የሚለው ክፍል ማለቁም ማረጋገጫ አይሆንም፤ እሱ የሚመለከተው የቅጂ መብትን የመሰሉ ጉዳዮችን እንጂ የምስሉን ጥራት አይደለም።

ትክክለኛው ምልክት ያለው ቪዲዮው በሚታይበት ገጽ ላይ፣ ባለጥርስ ጎማ የሚመስለውን የ«Settings» ምልክት ሲጫኑ በሚመጣው «Quality» ዝርዝር ውስጥ ነው። ኤክስፖርት ያደረግነው በ1080p ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ 1080p መኖር አለበት፤ በ720p ያወጣ ሰው ደግሞ 1080pን ቢጠብቅ በከንቱ ይጠብቃል። ከዚያ የቪዲዮው ርዝመት ከፋይሉ ርዝመት ጋር መመሳሰሉን ማየትና መጨረሻው አካባቢ አጫውቶ ድምፅና ምስሉን ማረጋገጥ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ቪዲዮውን «Unlisted» ላይ ማቆየት ይሻላል፤ ሊንኩን በያዘ ሌላ ስልክ መፈተን ይቻላል፣ ተመልካች ግን በፍለጋ አያገኘውም።

ፍተሻው ሲደረግ «Auto» በሚለው ላይ መተው አያስተማምንም። ኔትወርኩ በደከመበት ሰፈር አጫዋቹ ራሱ ዝቅተኛውን ጥራት ስለሚመርጥ፣ ሙሉ በሙሉ ያለቀ ቪዲዮ እንኳ ደብዝዞ ይታያል፤ ስለዚህ 1080pን በእጅ መርጦ ቪዲዮው በዚያ ጥራት እስኪጫወት ጥቂት መታገስ ያስፈልጋል።