«ደረቅ ብሏል፣ ረዝሟል» ሲሏችሁ ባዮን እንዴት ታርማላችሁ?

አንዲት አዋላጅ ነርስ በአንድ የሥልጠና መድረክ ላይ እንዲናገሩ ተጋብዘው ነበር። የመድረክ መሪው የሚያነበውን ባዮ፣ ማለትም አጭር የሕይወት ታሪካቸውን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአዘጋጁ ላክሁለት። መልሱ ይህ ብቻ ነበር፦ «ትንሽ ደረቅ ብሏል። ደግሞም ረዝሟል።»

እንዲህ ያለ አስተያየት ሲደርሰን ብዙዎቻችን ወዲያው መሰረዝ እንጀምራለን። ወይም ሞቅ እንዲል ብለን «ትጉህ»፣ «ተወዳጅ» የሚሉ ቃላት እንጨምራለን። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ጽሑፉ ባሰበት። ስሜቱን የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ምን እንደሚነካ ግን አይነግራችሁም፤ ያንን ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው።

ረቂቁ ይህን ይመስል ነበር። ስማቸውን «እንትና» ብዬዋለሁ።

«ሲስተር እንትና በ1978 ዓ.ም. በደሴ ከተማ የተወለዱ ሲሆን፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ ያጠናቀቁ ሲሆን፣ በአዋላጅ ነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በተለያዩ የጤና ተቋማት በተለያዩ ኃላፊነቶች በማገልገል ለእናቶችና ሕፃናት ጤና መሻሻል ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅትም ሙያዊ ሥልጠና በመስጠት ላይ ይገኛሉ።»

መጀመሪያ ቦታውን ጠይቁ

«ለምን ደረቀብህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰውየው ምክንያት ለመፍጠር ይገደዳል፣ የሚፈጥረው ምክንያትም መንገድ ያስታችኋል። «የት ላይ ስትደርስ ሰለቸህ?» በሉት። ከተቻለ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነበው ጠይቁና የሚደናቀፍበትን ቦታ አስምሩበት።

አዘጋጁ በስልክ አነበበልኝ። ሁለተኛው «ሲሆን» ላይ ትንፋሽ አጠረው። «በተለያዩ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ፈዘዘ፤ እንደ ስም ጥሪ ያነብ ጀመር። ሲጨርስ «የመጡት ለምንድነው ግን?» አለኝ። ይቺ ጥያቄ ከመጀመሪያው አስተያየት ይልቅ ጠቀመችኝ።

«ረዘመ» ያሉት በእርግጥ ርዝመቱን ነው?

ቃላቱን ቆጠርኳቸው፤ 43 ናቸው። ለመድረክ ማስተዋወቂያ 43 ቃል ረጅም አይደለም። ታዲያ ምኑ ረዘመ? ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ አድማጩ «ይገኛሉ» እስኪል ድረስ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል። ሙያቸው የሚጠራው 17ኛው ቃል ላይ ነው። ለዚህ መድረክ ያስጋበዛቸው ሥልጠና የሚመጣው 40ኛው ላይ ነው። ሰውየው «ረዘመ» ሲል «ዘገየ» ማለቱ ነበር።

ስለዚህ ከመሰረዛችሁ በፊት ዋናው ነገር ስንተኛው ቃል ላይ እንደሚገኝ ቁጠሩ። ከመሃል በኋላ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። በእርግጥ ቦታ የሚያጥርበት ጊዜም አለ። የኢንስታግራም ባዮ ከ150 ፊደልና ምልክት አያልፍም፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም፣ ይቆረጣል።

ስሜቱን ወደ ትእዛዝ ቀይሩት

ጥሩ ትእዛዝ የት፣ ምን፣ በምን ልክ የሚሉትን ይመልሳል። ሌላ ሰው ወስዶ እናንተን ሳይጠይቅ ሊሠራበት ይገባል። ለዚህ ባዮ የጻፍኳቸው እነዚህ ናቸው፦

- ሦስቱንም «ሲሆን» አውጣ፤ በየቦታቸው በአራት ነጥብ ዝጋ። ከ10 ቃል የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር አይኑር።
- ሙያቸውን መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ሥልጠናውን ሁለተኛው ላይ አድርግ።
- የትውልድ ዘመኑንና የትምህርት ቤቱን ነገር ሰርዝ። ለዚህ አድማጭ አይጠቅምም።
- ሁለቱን «በተለያዩ» እና «ከፍተኛ አስተዋጽኦ» በአንድ ቦታና በአንድ ቁጥር ተካ። ከሌለ ሰርዛቸው።
- «በመስጠት ላይ ይገኛሉ» የሚለውን «ይሰጣሉ» ወይም «ያሠለጥናሉ» በለው።
- አንቱታውን አትንካ።

የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ግን አስፈላጊ ናት። «ደረቅ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንቱታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ያደረቀው አንቱታው አይደለም፤ የቢሮ ደብዳቤ አማርኛው ነው። አንድን ትልቅ ሰው በመድረክ ላይ «እሷ» ማለት ጽሑፉን አያለሰልሰውም፤ አድማጩን ያስደነግጠዋል። የማይነካውን ካልጻፋችሁ አራሚው ይነካዋል።

አራተኛው ትእዛዝ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሐረግ ባዶ መሆኑን የምታውቁት የሌላ ሰው ስም ስታስገቡበት ነው። «በተለያዩ ተቋማት በተለያዩ ኃላፊነቶች» ለግብርና ባለሙያም፣ ለባንክ ሠራተኛም ይሆናል። እዚህ ላይ የቃላት ምርጫ አያድናችሁም፤ መረጃ ነው የጎደለው። ስለዚህ ትእዛዙ ወደ ሲስተር እንትና የሚሄድ ጥያቄ ይሆናል። ደወልኩላቸው፦ «የት ሠሩ? ስንት ዓመት? እዚያ ከእርስዎ ሌላ ማን ነበር?» የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ባዮውን አዳነው።

መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዚያ አለስልሱ

ሁለቱን አስተያየቶች በአንድ ጊዜ ለመመለስ አትሞክሩ፤ እርስ በርስ ይጣላሉ። ለማሳጠር ብለን ግሶችን ስንጥል ስሞቹ ይደራረባሉ፤ «የእናቶችና ሕፃናት ጤና አገልግሎት አሰጣጥ ማሻሻያ ሥልጠና» ዓይነት ነገር ይወጣል። አጠረ፣ ግን እንጨት ሆነ። በአንዱ ዙር ቁረጡ። በሌላው ዙር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡና ከሦስት ስም በላይ የተደራረበበት ቦታ ላይ ግስ መልሱ።

ከታረመ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«ሲስተር እንትና አዋላጅ ነርስ ናቸው። ደሴ ውስጥ አዳዲስ አዋላጆችን ያሠለጥናሉ። ትኩረታቸው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስን ቶሎ መለየት ነው። ከዚያ በፊት 14 ዓመት በገጠር ጤና ጣቢያዎች ሠርተዋል። በአንዱ ጣቢያ ለስድስት ዓመት ብቸኛ አዋላጅ እሳቸው ነበሩ።»

35 ቃል ነው። የቀነስነው ስምንት ቃል ብቻ ነው፣ አዘጋጁ ግን «በግማሽ አሳጠርከው» አለኝ።

ስትመልሱ «አሁንስ እንዴት ነው?» አትበሉ

መልሱ «ጥሩ ነው» ይሆናል፤ ሰው ይሉኝታ አለው፣ ይደክመዋልም። አንድ ጊዜ እንዲያነበው አድርጉና ስልኩን አስቀምጦ የሚያስታውሰውን ይንገራችሁ። አዘጋጁ «ብቻቸውን የነበሩት አዋላጅ» አለ፤ ቀጥሎ ደም መፍሰስን አነሳ። መያዝ ያለበት ተይዟል ማለት ነው። የያዘው ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ወደ ቅደም ተከተሉ እመለስ ነበር።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል «አንዲት ነገር» አለኝ። «ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ‹ትኩረታቸው› የሚለው ቢሮ ቢሮ ይላል። ‹በተለይ የሚያስተምሩት› በለው።» በዚያው ቀየርኩት።