ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ንፍጥና የማያቋርጥ «እህህ»፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ

ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት መምህርት በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የሳል ሽሮፕ ሊገዙ መጡ። «ዶክተር፣ ጉሮሮዬን ፀጉር የገባበት ይመስል ይኮሰኩሰኛል፤ ብጠርገውም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል» አሉኝ። (ነጭ ጋዎን የለበሰ ሁሉ እዚህ ዶክተር ነው፤ እኔ ፋርማሲስት ነኝ።) ሽሮፑን ከመስጠቴ በፊት መቼ እንደሚብስባቸው ጠየቅኋቸው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱና ቤት ሲጠርጉ እንደሚብስ፣ አፍንጫቸውን እንደሚያሳክካቸውና እንደሚያስነጥሳቸው፣ ሌሊት ቬንቲሌተሩን ወደ ፊታቸው አዙረው እንደሚተኙ ነገሩኝ።

ምክንያቱ

አፍንጫ በቀን እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ንፍጥ ያመርታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ችግሩ የሚጀምረው ንፍጡ ሲበዛ ወይም ሲወፍርና በጉሮሮ ጀርባ ላይ ሲጣበቅ ነው። በመምህርቷ ላይ ምልክቶቹ ሁሉ ወደ አቧራ አለርጂ ያመለክታሉ፤ በሌሊት የሚነፍሰው ደረቅ አየር ደግሞ ንፍጡን ያወፍረዋል።

ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ስሜት የሚያመጡ ሁለት ሌሎች ነገሮች ስላሉ፣ አፍንጫን ማጠብ ከመጀመር በፊት እነርሱን መለየት ያስፈልጋል። ከምግብ በኋላ ወይም ጎንበስ ሲሉ የሚብስ፣ አፍን የሚያኮመጥጥ ወይም ጠዋት ድምፅን የሚያጎረንን ከሆነ፣ ምንጩ ከጨጓራ የሚመለሰው አሲድ ሊሆን ይችላል። ንፍጥ የሌለው ደረቅ ሳልና መኮስኮስ ብቻ ከሆነና ሰውየው ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ መጠርጠር አለበት፤ ሳሉ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ብዙዎች ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዙትም። ኢናላፕሪልን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ በመሆኑ፣ ሐኪሙ በሌላ እንዲቀይረው መጠየቅ ይገባል።

መፍትሄው

ለመምህርቷ ከሽሮፑ ይልቅ አፍንጫቸውን በጨው ውሃ እንዲያጥቡበት ያለ መርፌ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሰጠኋቸው። ሩብ ሊትር ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። የቧንቧ ውሃ ቢጠጣም ሳይፈላ ወደ አፍንጫ አይገባም፤ በጥቂቱም ቢሆን በውሃ ውስጥ የሚገኝ አሜባ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ደርሶ ሊገድል ይችላል። የድሬዳዋ ውሃ በማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ዝቃጭ ስለሚተው፣ ከላይ ያለውን ጥሩ ውሃ ብቻ ቀስ ብሎ መቅዳት ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ደቃቅ ጨውና የጣት ቆንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል። ድብልቁ ለነገ አይቀመጥም።

በመታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ራስዎን በትንሹ ወደ ጎን አዘንብለው፣ በአፍ እየተነፈሱ ድብልቁን በስሪንጁ በላይኛው የአፍንጫ ቀዳዳ በቀስታ ይግፉት። አቅጣጫው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ራስ ጀርባ ነው። ውሃው በሌላኛው ቀዳዳ ወይም በአፍ ይወጣል፤ ቢያቃጥል ጨው አንሷል ወይም በዝቷል፤ ጆሮ ከደፈነ በኃይል ተገፍቷል ማለት ነው። ከጨረሱ በኋላ በእያንዳንዱ ጎን በቀስታ ይናፈጡ። ማታ የሚታጠቡት ከመተኛት አንድ ሰዓት አስቀድመው ነው፤ አለዚያ የቀረው ውሃ ተኝተው ሳሉ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል።

ቬንቲሌተሩ ወደ ግድግዳ ዞረ፤ ወለሉም ሳይጠረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ጀመረ። ሐኪም የአፍንጫ ስፕሬይ ፍሉቲካሶን አዘዙላቸው። እርሱ ከታጠቡ በኋላ፣ ጫፉ ወደ ውጪ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ዞሮ ይረጫል፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው ስህተት ነው። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎች ግን ከአምስት ቀን በላይ ከተወሰዱ መልሰው ይደፍናሉ።

በሦስተኛው ሳምንት መምህርቷ ንፍጡ እንደቀነሰ፣ «እህህ» ግን እንዳልቀረ ነገሩኝ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጉሮሮን በኃይል መጥረግ የድምፅ አውታሮችን እያጋጨ ያሳብጣል፣ ያበጠውም እንደገና ያስጠርጋል። መጥረግ በመጣባቸው ቁጥር አንድ ጉንጭ ውሃ እንዲጎነጩ፣ ውሃ ከሌለ ምራቃቸውን አንዴ በደንብ እንዲውጡ መከርኋቸው። በክፍል ጠረጴዛቸው ላይ የውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ ጀመሩ።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የቲቢ ምርመራ ይቀድማል፤ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወጣ ደም፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ደግሞ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም የሚያስኬድ ነው።