እሳት ላይ ቤንዚን ሳይጨምሩ የግጭት ዜና እንዴት ይጻፋል?

አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ መሬት ተዘርግቶ በሚከራይበት ዘመን፣ ተከራይቶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ሰው ዜናውን ጨርሶ ያነብ ነበር። ቆም ብሎ የሚያልፈው ግን ርዕሱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ዛሬም ያው ነው። ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ስልኩን በአውራ ጣቱ እያንሸራተተ ስንት ርዕስ ያያል፤ ከፍቶ የሚያነበው አንዱን ቢሆን ነው። ስለዚህ የግጭት ዜና የሚያባብሰውም የሚያረግበውም በአብዛኛው ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እዚህ የማሳያችሁ አንድ ረቂቅ ከነዚያ ጀምሮ እንዴት እንደሚታረም ነው።

«የጦርነት ጋዜጠኝነት» እና «የሰላም ጋዜጠኝነት» የሚለውን ክፍፍል ያመጣው ኖርዌያዊው የሰላም ጥናት ምሁር ዮሃን ጋልቱንግ ነው። የመጀመሪያውን ከስፖርት ዘገባ፣ ሁለተኛውን ከጤና ዘገባ ጋር ያመሳስለዋል። የስፖርት ዘጋቢ ሁለት ቡድን አለው፤ ጥያቄው ማን አሸነፈ ነው። የጤና ዘጋቢ ግን በሽታው ምንድን ነው፣ ከምን መጣ፣ መድኃኒቱስ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ጋልቱንግ ከማሪ ሩገ ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት፣ አራት የኖርዌይ ጋዜጦች የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውሶች እንዴት እንደዘገቡ መርምሮ ነበር። ድንገት የሚፈነዳ ነገር ዜና ለመሆን ይቀለዋል፤ ቀስ እያለ የሚበስል ነገር ደግሞ ከጋዜጣ የዕለት ምት ጋር አይገጥምም ይላል። ጥይቱ ዜና ሲሆን፣ ለጥይቱ ያበቃው ስድስት ወር ሳይጻፍ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ረቂቁ ይኸውና። ለሥልጠና የፈጠርኩት ስለሆነ ቦታዎቹን ካርታ ላይ አትፈልጓቸው።

«የላይ በር ታጣቂዎች በታች በር ነዋሪዎች ላይ ዘግናኝ ጭፍጨፋ መፈጸማቸው ተነገረ። በጥቃቱ የበርካቶች ሕይወት ሲያልፍ፣ አስተዳደሩ ሁኔታው በቁጥጥር ሥር መዋሉን አስታውቋል።»

1. «ተነገረ»ን አውጡ። አማርኛ እንደ «ተባለ»፣ «ተነገረ»፣ «ተገለጸ» ያሉ ምቹ መደበቂያዎች ለጋዜጠኛ ሰጥቷል። ማን አለ? የት ሆኖ አየ? ዘጋቢው መልስ ከሌለው ዜናው ገና አልደረሰም። በምሳሌያችን ዘጋቢው ሲጠየቅ፣ የሰማው ከታች በር ወጥቶ ከተማ ከገባ አንድ ሰው መሆኑን ይናገራል። ሰውየው የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የአንድ ሰው ቃል ነው፣ ያውም የተጎዳ ሰው ቃል። ስለዚህ ስልክ ይደወላል። መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው፣ ምክንያቱም ቁስለኛና አስከሬን የሚቆጥረው እሱ ነው። ቀጥሎ ለፖሊስ፣ ከዚያም ከሁለቱም መንደር ለአንዳንድ ሽማግሌ። የኮሙኒኬሽን ኃላፊው መጨረሻ ላይ ቢደወልለት አይጎዳም፤ የሚለውን አስቀድመን እናውቀዋለን።

2. ግሱን መርምሩ። በረቂቁ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ዘግናኝ ጭፍጨፋ» ያልተጣራውን ነገር አስቀድሞ ፈርዶበታል። ጭፍጨፋ የሆነ ነገር ጭፍጨፋ ይባላል፤ ግን መጀመሪያ ይጣራ። «ሕይወት ሲያልፍ» ደግሞ ገዳይን ይደብቃል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥፋት ይህኛው ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። በጥይት ስለተገደሉ ሰዎች «ሕይወታቸው አለፈ» ብዬ በጻፍኩ ማግስት አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው «አንተ ልጅ፣ ወንድሜ ታሞ ነው እንዴ የሞተው?» አሉኝ። ያለሰለስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸውን ያበሸቃቸው ማለስለሴ ነው። ተገድለው ከሆነ «ተገደሉ» ይባላል።

3. የሠራውን እንጂ መንደሩን አትክሰሱ። «የላይ በር ታጣቂዎች» ሲባል አንባቢው የሚሰማው «የላይ በር ሰዎች» ነው። የተኮሱት 4 ሰዎች ከሆኑ 4 ሰዎች ተብሎ ይጻፍ። የብሔር ወይም የሃይማኖት ስም የሚገባው ለጠቡ ምክንያት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ያኔ ግን መደበቅም አይገባም፤ አንባቢው ከፌስቡክ ያገኘዋል፣ ከዚያም እኛን አያምንም።

4. ሰዓቱን ወደኋላ መልሱ። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ይቅረብ፦ «ከዚህ በፊት ተስማምታችሁ ስትኖሩ ነገሩ እንዴት ነበር?» በምሳሌያችን መልሱ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ መንደሮች የመስኖውን ውሃ በሳምንት ሦስት ሦስት ቀን ይካፈሉ ነበር። ጥር ላይ የቦዩ መዝጊያ ተሰበረ፤ ውሃው ሁሉ ላይ በር ቀረ። ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ገባ፣ የመጣ ሰው ግን የለም። እንግዲህ በዜናው ውስጥ ሁለት ወገን ብቻ መስሎን ነበር፤ ሦስተኛው ወረዳው ነው።

ከነዚህ በኋላ የተጻፈው እንዲህ ሆነ፦

«በመስኖ ውሃ ጠብ 3 ገበሬዎች ተገደሉ፤ የቦዩ መዝጊያ ከጥር ጀምሮ እንደተሰበረ ነው

ማክሰኞ ጠዋት 3 የታች በር ገበሬዎች በጥይት ተገድለው፣ 11 ሰዎች መቁሰላቸውን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገለጹ። ፖሊስ ተኩሰዋል ያላቸውን 4 ሰዎች እየፈለገ መሆኑን ተናግሯል። የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች መዝጊያው እንዲጠገን ለወረዳው ሁለት ጊዜ ማመልከታቸውን ይናገራሉ። ወረዳው መልስ እንዲሰጥ ጠይቀን ዜናው እስከወጣበት ሰዓት ድረስ አላገኘንም።»

ልብ በሉ፣ ገዳዩ አልተሰወረም፣ የሟቾቹ መንደርም ተጠርቷል። የተሰረዘው «በርካቶች» የሚለው ቃል ነው፤ እሱን ሦስት ሰው ሲያነበው በየልቡ ሦስት፣ ሠላሳና ሦስት መቶ ያደርገዋል።

5. ስሞቹን አገላብጡና አንብቡ። ላይ በርን ታች በር፣ ታች በርን ላይ በር አድርጉና ዜናውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የተገላበጠውን ለማውጣት እጃችሁ ካመነታ፣ የመጀመሪያውም ውስጥ ያጋደለ ነገር አለ። ከተቻለ ከሁለቱም አካባቢ የመጡ ባልደረቦች ያድርጉት። ፎቶውንም እንዲሁ፦ ከሌላ ዓመት የመጣ የሚቃጠል ቤት ፎቶ «ለማሳያ» ተብሎ አይለጠፍም።

አሁን ወሰኑን ልናገር። ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሠራም። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 አርቲኤልኤም ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ሲጠራ፣ የሚታደኑ ሰዎችን ስምና አድራሻ ሲያሰማ፣ ጉዳዩ የቃላት ምርጫ አልነበረም፤ ከመሥራቾቹ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም አቀፉ የሩዋንዳ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። አንዱ ወገን እየጨፈጨፈ «ሁለቱም ወገኖች» ብሎ መጻፍም ሌላ ውሸት ነው። ከልክ ያለፈ ዝምታም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ምርጫ በኋላ በተነሳው ደም መፋሰስ የተደናገጡት የኬንያ መገናኛ ብዙኃን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ምርጫ ሰላም እንዳይደፈርስ ብለው መጠየቅ የነበረባቸውን ሳይጠይቁ ቀርተዋል ተብለው ተተችተዋል።

የመጨረሻው ሥራ በማስታወሻ ደብተር ላይ ነው። ዜናው በወጣ በ15ኛው ቀን «መዝጊያው ተጠገነ ወይ? አራቱ ተያዙ ወይ?» ተብሎ ይጻፋል፣ የሽማግሌዎቹ ስልክ ከጎኑ ይሰፍራል። ቀኑ ሲደርስ ማንም ባያስታውስም ይደወላል።