የውጭ ቀለም በፀሐይ ሲሞት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ግድግዳ ማጽዳት፣ ስንጥቅ መድፈን፣ ሁለት እጅ መቀባት፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ አልደግመውም። የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በፊኒሺንግ ሥራ ላይ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ አንድ ችግር ነው። ቤቱ ይቀባል፣ ያምራል፣ ሁለተኛው በጋ ላይ ቀለሙ ይነጣል። ባለቤቱ ቀቢውን ይወቅሳል፣ ቀቢው ፀሐይዋን ይወቅሳል፣ ከዚያ ያንኑ ቀለም ከዚያው ሱቅ ገዝተው እንደገና ይቀባሉ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ።

ፀሐይዋ ኃይለኛ መሆኗ እውነት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ቀለም የሚገድለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በስተደቡብ በኩል ናት፣ የበጋው ሰማይም ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎዱት የደቡቡና የምዕራቡ ግድግዳ ናቸው። ግን በዚያው ፀሐይ ስር ዓመታት የቆዩ ቤቶች እዚያው ሰፈር አሉ። ልዩነቱ ያለው ባልዲው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳውን አርጥቡት

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት በስፖንጅ ውሃ ይዛችሁ የደበዘዘውን ቦታ በደንብ አርጥቡት። ከዚያ እዩት። የድሮው ቀለም ተመልሶ ብቅ ካለና ሲደርቅ እንደገና ከነጣ፣ ቀለሙ አልሞተም፤ ላዩ ላይ ዱቄት ሆኖ ነው። እየረጠበም ያው ገርጣጣ ከሆነ፣ ማቅለሚያው ራሱ በፀሐይ ተቃጥሏል። የሁለቱ መፍትሄ የተለያየ ነው። ይሄ ሙከራ ምንም ወጪ የለውም፣ ሆኖም ሳይሞከር ስንት ብር በከንቱ ሲፈስ አይቻለሁ።

ሲረጥብ ይመለሳል፣ እጅ ላይም ዱቄት ይቀራል

ጥቁር ጨርቅ ወስዳችሁ ግድግዳውን ፈተግ አድርጉት። ጨርቁ ከነጣ ማያያዣው አልቋል ማለት ነው። ቀለም ውስጥ ቀለም የሚሰጠው ዱቄት አለ፣ ያንን ዱቄት ግድግዳ ላይ አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ደግሞ ለብቻው ነው። ማያያዣው ሲበላ ዱቄቱ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ምክንያቱ ሦስት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው የመጀመሪያውን ነው፦ የውስጥ ቀለም ውጭ መቀባት። ዋጋው ዝቅ ስለሚል "ያው ውሃ ቀለም አይደል" ተብሎ ይገዛል። ያው አይደለም። የውስጥ ቀለም ማያያዣው ጥቂት፣ መሙያ ኖራ ነገሩ ብዙ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ አይችልም። ሁለተኛው ውሃ ማብዛት ነው። ባልዲው ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ቀቢው ለማሯሯጥ ግማሽ በግማሽ ሲያደርገው ቀለሙ ይሸፍናል፣ የዕለቱም ዕለት ያምራል፣ ማያያዣው ግን ስስ ሆኖ ቀርቷል። ሲበጠበጥ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ሦስተኛው የዘይት ቀለም ሲሚንቶ ልስን ላይ መቀባት ነው፤ የሲሚንቶው ኃይል ዘይቱን ያበላሸዋል፣ ይላጣል።

መፍትሄው፦ ዱቄቱን በጠንካራ ብሩሽ ፈትጋችሁ አውርዱት፣ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚጠልቅ ማጣበቂያ ፕራይመር አንድ እጅ፣ በላዩ የውጭ አክሪሊክ ሁለት እጅ። ዱቄት ላይ በቀጥታ አትቀቡ። አዲሱ ቀለም የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው፣ እሱም በመጀመሪያው ክረምት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

ሲረጥብም አይመለስም

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ማቅለሚያ ሁሉ እኩል አይደለም። ከብረት ዝገት ወገን የሆኑት፣ ማለትም ቀይ ኦክሳይድ፣ ቢጫ ኦክሳይድ፣ ቡናማና ጥቁር ኦክሳይድ፣ ፀሐይ ምንም አታደርጋቸውም ማለት ይቻላል። የአፈርና የቀይ ድንጋይ ቀለም ከየት መጣ? ከዚሁ ነው፣ አፈሩ ደግሞ ሲነጣ አይታይም። በሌላ በኩል ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሎሚ ቢጫ፣ ሮዝና ሐምራዊ የሚወጡት በአብዛኛው ከኬሚካል ከተሠሩ ኦርጋኒክ ማቅለሚያዎች ነው። ብዙዎቹ ለፀሐይ ደካማ ናቸው፤ ዋጋቸው የወረደው ደግሞ ይብስባቸዋል። ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፦ እነዚህ ማቅለሚያዎች በነጭ ተበጥብጠው ለስላሳ ቀለም ሲሆኑ ይበልጥ ቶሎ ይሞታሉ። "ፈዘዝ ያለ ስለሆነ አይለቅም" የሚባለው ትክክል አይደለም። በነጩ መሃል ያለችው ማቅለሚያ ጥቂት ናት፤ እሷ ስትቃጠል የሚቀረው ነጩ ብቻ ነው።

አያት አካባቢ ያለ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ልንገራችሁ። ኮክ የመሰለ ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ ደስ የሚል። ባለቤቷ የደወሉልኝ ቤታቸው "ሁለት ዓይነት" ሆኖባቸው ነው። ስደርስ የምዕራቡ ግድግዳ የወተት ቀለም ሆኗል፣ በረንዳው ስር ያለው ግን እንደ ተቀባ ቀን ነው። አርጥበን አየን፣ አልተመለሰም። ጨርቅ ፈተግን፣ ዱቄት የለም። ስለዚህ ቀለሙ የውጭ ነው፣ ማያያዣውም ጤነኛ ነው። ከዚያ የውጩን መብራት ፈታን፤ ከኋላው ያለው ክብ ደማቅ ኮክ ነበር።

"እትዬ፣ ይሄን ቀለም ማን በጠበጠው?"

"ቀቢው ነዋ፣ ትንንሽ ጠርሙስ አምጥቶ ነጩ ውስጥ ጨመረበት።"

መልሱ ይኸው ነው። በትንንሽ ጠርሙስ የምትሸጠዋን ደማቅ ማቅለሚያ በዓይን ግምት ነጭ ባልዲ ውስጥ መጨመር ለውጭ ግድግዳ አይሆንም። ጠርሙሱ ላይ ለውጭ እንደሚሆን ካልተጻፈ አትንኩት። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ባልዲ የተለያየ ይወጣል፣ በኋላ ለመጠገን ስትፈልጉም ያንን ቀለም የሚደግም ሰው የለም።

ምን አደረግን? ያንኑ ኮክ በተሻለ ቀለም እንድግመው የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እኔ እምቢ አልኩ። ኮኩን ወደ ሸክላ ዘመም ያለ ክሬም አወረድነውና ሱቅ ሄደን በማሽን አስበጠበጥነው። ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት ጠይቁ፤ የትኛው ማቅለሚያ ስንት እንደገባ ይጽፋል። ሻጩን "ከነዚህ ኦክሳይድ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?" በሉት። መልሱ ቢጫ ኦክሳይድ፣ ቀይ ኦክሳይድና ጥቂት ጥቁር ከሆነ ግዙ። ደማቅ ቢጫ ወይም ደማቅ ቀይ ከገባበት ሌላ ካርድ ምረጡ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሱቅ አለ። ወረቀቱን አትጣሉት፣ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።

መጠኑንም ላሳያችሁ። ቤቱ 12 በ8 ሜትር ነው፣ ዙሪያው 40 ሜትር። ቁመቱ 6 ሜትር ስለሆነ 240 ካሬ፤ በርና መስኮት 40 ካሬ ሲቀነስ 200 ካሬ ይቀራል። ለስላሳ ልስን ላይ አንድ ሊትር በአንድ እጅ 8 ካሬ ገደማ ይሸፍናል ብላችሁ አስቡ። ለአንድ እጅ 25 ሊትር፣ ለሁለት እጅ 50 ሊትር ነው። ሻካራ ልስን ከዚህ ይበልጥ ይጠጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስበጥብጡ፣ ከመቀባታችሁ በፊትም ባልዲዎቹን እርስ በርስ ቀላቅሉ።

ኳርትዝ የሚባለው ሻካራ ቀለም ከሆነ አይደበዝዝም የሚለውን ወሬ ተዉት። ኳርትዝ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ ስንጥቅ ይደብቃል፣ ግን ማቅለሚያው ደካማ ከሆነ እሱም ይነጣል። ሻካራነቱ ደግሞ አቧራ ይይዛል።

ገና ዓመት ሳይሞላው ነጭ ነጭ እድፍ አወጣ

ልስኑ ሳይደርቅ ተቀብቷል። አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ፣ በክረምት ከዚያም በላይ።

እርከን እርከን ሆኖ ታየ

ቀቢው ፀሐይ የጋለ ግድግዳ ላይ ቀብቶ ነው። ጥላውን እየተከተላችሁ ቅቡ፤ ጠዋት የምዕራቡን፣ ከሰዓት የምሥራቁን።

ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ግን ከሰፈሩ ጋር ተጣላ

ይሄም ችግር ነው፣ ምክንያቱም በቀለም ካርድ ላይ ብቻ ስለሚመረጥ። ሱቅ ውስጥ በመብራት ያያችሁት ቀለም ውጭ ፀሐይ ላይ በጣም ነጥቶና ደምቆ ይታያል። ክሬም ነጭ ይሆናል፣ ለስላሳ ቢጫ ይጮሃል። ስለዚህ ከወደዳችሁት ካርድ አንድ ደረጃ ጠቆር፣ አንድ ደረጃ ደብዘዝ ያለውን ውሰዱ።

ከዚያ ከቤታችሁ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ እዩ። የማይቀየረውን ቁጠሩ፦ የእናንተና የጎረቤት ጣሪያ ቆርቆሮ፣ የአጥሩ ጥቁር ድንጋይ፣ የጎን ቤቱ የአምቦ ድንጋይ ልባጥ። ጣሪያው ቀይ ቡናማ ከሆነ ሸክላ ዘመም ክሬም ይስማማዋል። ጥቁር ድንጋይና ሰማያዊ ቆርቆሮ ካለ ወደ ግራጫ ሂዱ፣ ግን ትንሽ ቡናማ ያለበት ግራጫ ይሁን። ጎረቤታችሁ ደማቅ ከቀባ ከሱ ጋር አትፎካከሩ፤ የእናንተ ረጋ ሲል ሁለቱም ያምራሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ ከድንጋዩና ከአፈሩ ጋር የሚስማሙት ቀለሞች እነዚያው ፀሐይ የሚችሉት ኦክሳይዶች ናቸው። ደማቁን የምር ከወደዳችሁት በሩ ላይ አድርጉት፤ በር በቀላሉ ደግሞ ይቀባል።

ድፍን ነጭም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፊት ለፊት ላለው ቤት መስኮት ከሰዓት በኋላ ነጸብራቁ ያስቸግራል፣ የዝናብ ፍንጣሪው ጭቃም ከታች ወዲያው ይታያል። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህሉን ጠቆር ባለ ቀለም ለዩት።

አንድ ሊትር ብቻ አስበጥብጡና ምዕራቡ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሁለት እጅ ቅቡ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩት፣ ጎረቤትም ይየው። ቤቱ ዋና መንገድ ዳር ወይም ኮሪደር ልማት መስመር ላይ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የተፈቀደውን ቀለም ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የእናንተን በረንዳ ብቻ ለይታችሁ አትቀቡ፣ ከኮሚቴው ጋር ተነጋገሩ። ዋናውን ሥራ ጥቅምት ላይ ጀምሩ፤ ግድግዳው ከክረምቱ ደርቋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሮለሩን አስቀምጡ፤ የሌሊቱ ብርድና ጤዛ ያልደረቀ ቀለም ላይ ካረፈ ማያያዣው በደንብ አይያያዝም።