አዲስ ሻጭ ማሳ ላይ መልስ እንዳያጣ፦ የሽያጭ መመሪያ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ለሽንኩርትና ለቲማቲም አምራቾች የፀሐይ ውኃ ፓምፕ የሚሸጥ ድርጅት እንውሰድ። የሽያጭ ወቅቱ አጭር ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያበቃ ገበሬው ስለ መስኖ ማሰብ ይጀምራል፤ ኅዳር ከገባ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው ባለው ዘዴ ሥራውን ጀምሯል። መስከረም ላይ የተቀጠረ ሻጭ ጥቅምት ላይ ደራና ፎገራ ወርዶ ብቻውን መሸጥ ካልቻለ የዘንድሮው ገበያ ያመልጠዋል። የሽያጭ መመሪያ፣ የተወዳዳሪ ማነጻጸሪያ ካርድ፣ ማለትም ቢሮ ውስጥ «ባትል ካርድ» የሚባለው፣ እንዲሁም ደንበኛ ሲያመነታ የሚሰጡ መልሶች የሚዘጋጁት ይህን ጊዜ ለማሳጠር ነው። የሚበላሹትም በአብዛኛው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

ካርዱን ለተሳሳተ ተወዳዳሪ መጻፍ

ካርድ አዘጋጁ ሲባል ብዙዎች የሚጽፉት ስለ ሌላው የፀሐይ ፓምፕ አስመጪ ነው። ማሳ ላይ ግን ገበሬው ሁለት የፀሐይ ፓምፖችን የሚያወዳድርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያወዳድረው ቤቱ ካለው የቤንዚን ፓምፕ፣ ከጎረቤት ከሚከራየው ፓምፕ፣ ወይም «ለከርሞ እናየዋለን» ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ሦስት ካርዶች እነዚህ ናቸው። የትኛው ይቅደም የሚለውን ለማወቅ ባለፈው ወቅት ዋጋ ጠይቀው ሳይገዙ ከቀሩት ሃያ ሰዎች ጋር ስልክ ደውሎ «በመጨረሻ ውኃውን በምን አወጡት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሳቸው በራሳቸው ቃል ይጻፍ፤ ካርዱ ላይ የሚሰፍረውም ያው ቃል ይሁን።

ለ«ተወደደ» አንድ መልስ ማዘጋጀት

ከሁሉም በላይ ሽያጭ የሚያበላሸው ይህ ነው። ገበሬው «ተወደደ» ሲል አዲሱ ሻጭ ወይ ቅናሽ ይሰጣል፣ ወይ ስለ ጥራት ማውራት ይጀምራል። ቃሉ ግን ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው፦ አሁን እጄ ላይ ብር የለም፤ የቤንዚኑ ፓምፕ የዚህን ዋጋ እሩብ እንኳ አይፈጅም፤ ወይም ቢበላሽ ማን ይጠግንልኛል። ሦስተኛው ጭራሽ የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ ቅናሽ ቢሰጠው ጥርጣሬው ይብሳል።

ስለዚህ መመሪያው ላይ ከመልሱ በፊት ጥያቄው መጻፍ አለበት። «ጋሼ፣ ከምን አንጻር ነው የተወደደብዎት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዚያ ሻጩ ዝም ይላል። «ዝም በል» የሚለው መመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ አዲስ ሻጭ ዝምታውን መታገስ አቅቶት ራሱ ይመልሳልና።

ገበሬው «ልጄ፣ ሽንኩርቱ ሳይሸጥ ከየት አመጣለሁ?» ካለ ጉዳዩ የክፍያ ጊዜ ነው፤ መልሱ ከምርት ሽያጭ ጋር የሚገጥም የክፍያ ስምምነት ወይም በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል የሚሄድ መንገድ ነው። «ማን ይጠግነዋል?» ካለ መልሱ መለዋወጫው ባሕር ዳር የት እንዳለና ባለሙያው በስንት ቀን እንደሚደርስ መንገር ነው። ድርጅቱ ይህን በእርግጥ ማድረግ ካልቻለ ካርዱ ላይ አይጻፍ።

ከቤንዚን ፓምፕ ጋር ካወዳደረ ደግሞ ስሌቱን ሻጩ ሳይሆን ገበሬው ራሱ ይሥራው። ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ያለው ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አራት አራት ሰዓት ያጠጣል እንበል። ፓምፑ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ከበላ በሳምንት 8 ሊትር፣ በ16 ሳምንት 128 ሊትር ይሆናል። ሻጩ «ሊትሩን ባለፈው በስንት ገዙት?» ብሎ ይጠይቅና በዚያ ያባዛል። ማደያው ላይ በተለጠፈው ዋጋ ማባዛት ስህተት ነው፤ ገጠር ቀበሌ የሚደርሰው ቤንዚን በጀሪካን ዞሮ ስለሚመጣ ገበሬው የሚከፍለው ከዚያ በላይ ነው። በሁለቱ ፓምፖች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለዚህ የወቅት ወጪ ሲካፈል ፓምፑ በስንት ወቅት ራሱን እንደሚመልስ ይታያል። ውጤቱ ከሦስትና ከአራት ወቅት በላይ ከሆነ ሻጩ ክርክሩን በዋጋ ላይ አያቁመው።

የምንሸነፍበትን ቦታ መደበቅ

«ሁሌም እንበልጣለን» የሚል ካርድ የያዘ ሻጭ አንድ ቀን የማይሠራ ፓምፕ ይሸጥና ቀበሌው በሙሉ ይሰማል። ለምሳሌ የአምራቹ ብሮሹር መሬት ላይ የሚቀመጠው ፓምፕ 8 ሜትር ጥልቀት ይመጥጣል ይላል እንበል። ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። የጣና ዳርቻ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ እዚህ 8 ሜትር የንድፈ ሐሳብ ጣሪያው ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። በተግባር ከ6 ሜትር በላይ መታመን የለበትም። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ጥር ላይ ከነበረበት ሚያዝያ ላይ ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ ካርዱ ሻጩ ገመድ ጥሎ ጥልቀቱን እንዲለካ፣ ውኃው በበጋ እስከ የት እንደሚወርድም እንዲጠይቅ ያዛል። ከ6 ሜትር ካለፈ ይህን ፓምፕ አይሸጥም፤ ውኃው ውስጥ የሚገባውን ሰብመርሲብል ያቀርባል።

በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ገደማ የሚሰጥ ትንሽ የፀሐይ ፓምፕ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ያደርሳል፤ ግማሽ ሄክታር በቦይ ለሚያጠጣ ግን አይበቃም። መሬቱ በተለያየ ቦታ የተበጣጠሰበትና ፓምፑን ተሸክሞ የሚዞር፣ ወይም ለጎረቤት እያከራየ ገቢ የሚያገኝ ገበሬም ከቤንዚኑ ጋር ቢቆይ ይሻለዋል። እነዚህ ሦስቱ ካርዱ ላይ «አትሽጥ» በሚል ርዕስ ስር ይቀመጡ። ከሐይቁ ወይም ከወንዝ አፍ በቀጥታ ለሚስብ ሰው ደግሞ እንቦጭ ማጣሪያውን እንደሚዘጋና በየጊዜው መጽዳት እንዳለበት ሻጩ ሳይጠየቅ ይንገረው።

«ደመና ሲሆንስ?» ለሚለው ሐቁን መናገር ያዋጣል። በከባድ ደመና ፓምፑ በጣም ይደክማል፤ ነገር ግን ደመናው የሚበዛበት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ዝናቡ ራሱ የሚያጠጣበት ነው።

ቁጥሩን ያለ ቀንና ያለ ባለቤት መተው

የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚከለስ ካርድ ላይ የተጻፈ የብር መጠን ቶሎ ያረጃል። ሊትሩና ሰዓቱ ይጻፍ፣ የብሩ ቦታ ባዶ ይተው። እያንዳንዱ ካርድ ግርጌው ላይ የተከለሰበት ቀንና የሚከልሰው ሰው ስም ይኑረው፤ አሮጌው ቅጂ ከሻጮች ቦርሳ ተሰብስቦ ካልወጣ አዲሱን ማተም ትርጉም የለውም።

መመሪያውን አስረክቦ «ሠልጥኗል» ማለት

ስድሳ ገጽ ያነበበ ሻጭ ገበሬ ፊት ሲቆም አንዱንም አያስታውስም። አንድ ካርድ አንድ ገጽ ይሁን፤ ማሳ ላይ ቆሞ በሚነበብ ትልቅ ፊደል ይጻፍ። በአሥር የሥራ ቀን የሚበቃው አካሄድ ይህ ነው፦ ሁለት ቀን ፓምፑን ራሱ ገጥሞ ውኃ ያወጣል፤ ሦስት ቀን በየጠዋቱ ባልደረባው ገበሬ ሆኖ «ተወደደ» እያለ በሦስቱም ትርጉም ይፈትነዋል፤ ሦስት ቀን ነባር ሻጭ ተከትሎ ወርዶ ገበሬዎች የተናገሩትን ቃል በቃል ይጽፋል፤ በመጨረሻው ሁለት ቀን እሱ ይናገራል፣ ነባሩ ዝም ብሎ ያያል።

ፈተናው ላይ ከሚቀርቡለት አምስት ገበሬዎች አንዱ ጉድጓዱ 9 ሜትር የሆነ ይሁን። ጥልቀቱን ሳይጠይቅ መሬት ላይ የሚቀመጠውን ፓምፕ ከሸጠለት ገና ብቻውን አይወርድም፤ የጻፋቸው የገበሬ ቃላት ግን በዚያው ሳምንት ወደ ካርዶቹ ይገባሉ።