ክብደት እየቀነሰ ጥምና ሽንት ሲበዛ፦ ስኳር ነው ወይስ ታይሮይድ?

ምልክቱ

እንደወትሮው እየበሉ ቀበቶው ይሰፋል። ውሃ ተጠጥቶ ጥሙ አይቆርጥም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳር ነው።

በቅድሚያ የሽንቱን መጠን ልብ ይበሉ። ቶሎ ቶሎ እየመጣ ጥቂት ብቻ የሚወጣና የሚያቃጥል ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በየጊዜው ብዙ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ምክንያቱ

ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም በቅጡ ሳይሠራ ሲቀር ስኳር ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ስለሚያቅተው ወደ ሽንት ያልፋል። ሲወጣም ውሃ ይዞ ይወጣል። ብዙ ሰው «ውሃ ስለማበዛ ነው የምሸናው» ይላል፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚጠማን ሽንቱ ውሃችንን ስለወሰደው ነው። በቀን 100 ግራም ስኳር በሽንት ቢወጣ 400 ካሎሪ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ሰውነትም ስቡንና ጡንቻውን ማንደድ ይጀምራል።

አንዲት ሴት በሁለት ወር ከ68 ወደ 61 ኪሎ ወረደች እንበል። ጥሙን ለማስታገስ ጭማቂና ለስላሳ ታበዛለች። ይሄ ስኳሩን የበለጠ ይሰቅለዋል። በማንኛውም ሰዓት ስትለካ 312 ወጣ። እነዚህ ምልክቶች እያሉ 200 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው።

ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሲበዛም ክብደት ይቀንሳል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ሰውነት ያለውን ነዳጅ በፍጥነት ያነዳል። ጥምና ሽንት ሊጨምር ቢችልም ጎልቶ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት አለመቻልና ላብ ነው። እጅዎን ዘርግተው ወረቀት ጣቶችዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ሲርገበገብ ካዩት ለሐኪም ይንገሩ። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ።

መፍትሄው

ስኳርዎን ዛሬውኑ ይለኩ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ከፍ ካለ ሐኪም በላቦራቶሪ አረጋግጦ ዓይነቱን ይለያል፤ አንዳንዱ በእንክብል ይጀምራል፣ አንዳንዱ ኢንሱሊን ወዲያው ያስፈልገዋል። ስኳሩ ደህና ከሆነና ልብ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። ታይሮይድ ሲበዛ ቲኤስኤች ዝቅ ይላል። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰድ ባዮቲን ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል እየወሰዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ሁለቱም ደህና ቢሆኑ እንኳ ክብደቱ መቀነሱን ካላቆመ ምርመራው ይቀጥል።

ሽንቱን ለመቀነስ ብለው ውሃ አይከልክሉ፤ ጭማቂውን ብቻ ይተዉ። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ወይም መፍዘዝ ከተጨመረበት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።