ጅማ ላይ ሱቅ ከመከራየትዎ በፊት፦ ቀብድ ሳይላክ መቆጠር ያለበት ነገር

ከጅማ የሚመጣው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ቤት ተገኝቷል፤ አስፋልት ዳር ነው፤ ሰው እንደ ጉድ ያልፍበታል፤ ሌላ ሰው ዓይኑን ጥሎበታልና ዛሬውኑ ቀብድ ላክልን።» ደዋዩ ወንድም፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ ነው። ክፉ አላሰበም፤ ደላላው የነገረውን አምኖ ቸኩሏል። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ቦታውን በዓይኑ ስላላየ የሚመዝንበት ነገር የለውም፤ ስለዚህ ይልካል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ውሉን የሚያፈርሰው ቀብድ ሰጪው ከሆነ ገንዘቡ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከሆነ እጥፍ ይመልሳል። ያለ ወረቀት በስልክ የተላከ ቀብድ ግን ለምን እንደተከፈለ ማስረዳት ከባሕር ማዶ ሆኖ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ጥቂት ቀን ይጠይቁ። በነዚያ ቀናት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ላስረዳ።

እህትዎ የሕፃናት ልብስ መሸጫ ልትከፍት አስባ ሁለት ቤት አግኝታለች እንበል። አንደኛው ወደ መናኸሪያ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ ነው፤ ኪራዩ በወር 25,000 ብር። ሁለተኛው ከሂርማታ ገበያ በሚወጣ የውስጥ መንገድ ላይ ነው፤ 14,000 ብር። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ወስጃቸዋለሁ፤ እርስዎ በተነገረዎት ይተኳቸው። ደላላው የመጀመሪያውን ያሞግሳል፤ እህትዎም ልቧ ወደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። እህትዎ ወይም የምታምኑት ወጣት ከቤቱ ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ይቀመጥ። በኪሱ ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ይያዝ፤ አሥር ሰው ባለፈ ቁጥር አንዱን ፍሬ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ያዛውር። በዚህ ዓይነት ስልክ ሳያወጣ፣ የማንንም ዓይን ሳይስብ ይቆጥራል። አንድ ቆጠራ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ውጤቱን በሦስት ማባዛት የሰዓቱን ግምት ይሰጣል። በቀን ሦስት ጊዜ ይደረግ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት እና ከአመሻሹ 11 ሰዓት ገደማ። የሚቆጠረው ቤቱ ባለበት ጠርዝ የሚሄደው እግረኛ ብቻ ነው። በባጃጅ የሚያልፈው፣ በማዶው ጠርዝ የሚሄደው አይቆጠርም።

የቀኑ ምርጫ ከሰዓቱ ይበልጣል። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ሐሙስ ከገጠሩ የሚገባው ሰው የከተማውን እግር ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ሐሙስን ብቻ ያየ ሰው የማይኖር ገበያ ይቆጥራል፤ ማክሰኞን ብቻ ያየም ያለውን ገበያ ያጣል። ስለዚህ ሐሙስ፣ ማክሰኞ እና ቅዳሜ ይቆጠርና አማካዩ ይወሰድ። ወሩንም አይርሱ። ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ በጅማ እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል፤ በኅዳር ጢም ብሎ ያዩት መንገድ በሐምሌ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ቤቱ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ካመዘነም ተማሪው ለክረምት ሲወጣ ምን እንደሚተርፍ በአካባቢው ካሉ ነጋዴዎች ይጠየቅ። ውሉ የዓመት ከሆነ ኪራዩ በእነዚያ ወራትም ይከፈላልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የሚያልፈው ሰው ብዛት ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአስፋልቱ ላይ በሃያ ደቂቃ 110 ሰው ተቆጠረ እንበል፤ በውስጥ መንገዱ ላይ 60። በዚህ ብቻ አስፋልቱ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን ቆጣሪው የሚያልፈውን ሰው ልብ ብሎ ይመልከት። ወደ መናኸሪያ የሚሄደው ሻንጣ ተሸክሞ፣ መኪና እንዳያመልጠው እየተጣደፈ ነው፤ ቀና ብሎ ሱቅ አያይም። ከገበያ የሚወጣው ግን ፌስታል ይዞ፣ ልጁን በእጁ ይዞ፣ የተረፈውን ገንዘብ እያሰበ ይራመዳል። ቀጥሎ ቆጣሪው በአቅራቢያው ካለ ተመሳሳይ ሱቅ ላይ ዓይኑን ይጣል። በሰዓት ስንት ሰው ገባ? ከገቡት ውስጥ ስንቱ አዲስ ፌስታል ይዞ ወጣ? ከደላላው አንደበት የማይገኝ ነገር ይኸው ነው።

በአስፋልቱ ላይ ካለው ሱቅ በሰዓት ሦስት ሰው ገብቶ አንዱ ገዛ፤ ቀኑ ዘጠኝ የሥራ ሰዓት ቢኖረው ዘጠኝ ገዢ ማለት ነው። በውስጥ መንገዱ በሰዓት ስድስት ሰው ገብቶ በአማካይ ከአምስት ሰው አንዱ ገዛ፤ በቀን አሥራ አንድ ገደማ ይሆናል። አንድ ገዢ በአማካይ የ800 ብር ልብስ ገዝቶ ከዚያ ላይ 200 ብር ትርፍ ቢተርፍ፣ በ26 የሥራ ቀን አስፋልቱ 46,800 ብር፣ የውስጥ መንገዱ 57,200 ብር ያስገኛል። ይህ ግን ደንበኛ ያፈራው የጎረቤት ሱቅ ገቢ ነው። አዲስ ከፋች ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግማሹን ካገኘ ጥሩ ነው። ግማሹን እንውሰድ፦ አስፋልቱ 23,400 ብር፣ የኪራዩን 25,000 ብር እንኳን አይሸፍንም። የውስጥ መንገዱ 28,600 ብር፣ ከኪራዩ እጥፍ በላይ። የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና ግብር ገና አልተነሡም። እህትዎን «አስፋልቱን ተይው» ብለው በስልክ ከሚከራከሩ ይህን ስሌት ላኩላትና ራሷ ታስላው፤ በራሷ እጅ የቆጠረችው ቁጥር ይመልሳታል።

ኪራዩን በተመለከተ የወሩ ዋጋ ብቻ አይጠየቅ። የስንት ወር ቅድሚያ ይፈለጋል? የስድስት ወር ከሆነ በአስፋልቱ ላይ 150,000 ብር ዕቃ ሳይገባ ይወጣል፤ ይህ ገንዘብ ለመደርደሪያ የሚሆን ዕቃ ሊገዛ ይችል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስንት ይጨመራል? ይህ በውሉ ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም የቤት ኪራይን ጭማሪ የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለመኖሪያ ቤት የወጣ ነው፣ ሱቅን አይመለከትም። በሱቅ ኪራይ ላይ የሚጠብቅዎት የጻፉት ውል ነው።

ተወዳዳሪን ስንመለከት ብዙ ሰው አንድ ስሕተት ይሠራል። ተመሳሳይ ሱቅ የሌለበት ቦታ ያገኘ ሲመስለው ይደሰታል። የልብስ ገዢ ግን ሱቆች ወደተደረደሩበት ነው የሚሄደው፤ አማርጦና ዋጋ አወዳድሮ መግዛት ይፈልጋል። ሦስት የሕፃናት ልብስ ሱቅ በአንድ መስመር ላይ ቢኖር ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል። መጥፎው ምልክት ሌላ ነው፦ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባለሱቆቹ በራፍ ላይ ወንበር አውጥተው ከተቀመጡ፣ ወይም በመስመሩ ላይ የተዘጋ መዝጊያ ከበዛ። እህትዎ እንደ ገዢ ገብታ አንድ ዓይነት ሹራብ በሦስቱም ቦታ ትጠይቅ፤ በአዲስ አበባ መርካቶ ካለው የጅምላ ዋጋ ጋር ስታስተያየው ምን ያህል ትርፍ እንደሚቀር ይታያል። ከዚያ ለጎረቤት ልብስ ሰፊ ወይም ለሻይ ሻጯ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፦ «ከዚህ በፊት እዚህ ቤት ማን ነበር? ለምን ለቀቀ?» በሁለት ዓመት ሦስት ተከራይ ከተፈራረቀበት ቤት ራቅ ይበሉ። ጥያቄውን በኦሮምኛ መጠየቅ የሚችል ሰው ይሁን፤ ገበያው ውስጥ ብዙው የሚናገረው በዚያ ነው፤ መልሱም የተሟላ ይሆናል።

ደኅንነቱ በቀን አይታይም። አንድ ምሽት፣ ሱቆች ሲዘጉ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሁለት ሆነው ይሂዱ። የመንገድ መብራት ይበራል? መስመሩን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፣ ነጋዴዎቹስ በጋራ ይከፍሉታል? መዝጊያው ላሜራ ነው ወይስ እንጨት? የጎን ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ቆርቆሮ? ከጎን ምግብ ቤት ወይም ከሰል የሚያነድድ ካለ፣ የመብራት ሽቦው ከአንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ተጠላልፎ ከተወሰደ፣ ልብስ ለሚሸጥ ሰው ትልቅ ስጋት ነው። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት ስፋት መኖሩም ይታይ። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው። ዝናብ በጣለ በማግስቱ አንድ ሰው ሄዶ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ይይ፤ እግረኛው ጭቃውን ሸሽቶ ወደ ማዶ የሚሻገር ከሆነ የቆጠሩት ሁሉ በክረምት ይቀንሳል። ቤቱ ለአዌቱ ወንዝ ቅርብና ዝቅ ያለ ከሆነ፣ በግድግዳው እግር ላይ የውሃ ምልክት መኖሩን በእጅ ባትሪ ይመርምሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የውስጥ መንገዱ ቤት ተመረጠ እንበል። ፊርማ ገና አይደለም። በከተማው የኮሪደር ልማት ስላለ፣ ቤቱ በመንገድ ማስፋፊያ ወይም በማደሻ ፕላን ውስጥ መግባት አለመግባቱ በማዘጋጃ ቤቱ ይጣራ፤ የአከራዩ «የለም፣ አይነካውም» አይበቃም። የይዞታ ካርታው ይታይ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነና ተከራዩ ለእርስዎ መልሶ የሚያከራየው ከሆነ ይተዉት፤ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሚቀርበው የጸደቀ የኪራይ ውል ላይ ችግር ይገጥምዎታል። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ።

እህትዎ ውሉን በእርስዎ ስም እንድትፈርም የሚያስፈልጋትን ውክልና በተመለከተ፣ እርስዎ በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስጽፈው የሚልኩት ነው። በሕጉ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይሸፍናል፤ ከ3 ዓመት የማይበልጥ ኪራይ በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ከዚያ ለሚረዝም ውል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለአዲስ ቦታ የሁለት ዓመት ውል በቂ ስለሆነ ለረጅሙ አይቸኩሉ። በኦሮሚያ ጽሕፈት ቤቶች ውሉ በአፋን ኦሮሞ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ቋንቋውን የማያነቡ ከሆነ ከመፈረሙ በፊት የእያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይላክልዎትና የሚያነብ ሰው ሙሉውን ይተርጉምልዎት፤ በተለይ የጭማሪውን፣ የማቋረጫ ማስታወቂያውን እና የቅድሚያ ክፍያ መመለሻውን አንቀጽ። ገንዘቡም ለደላላ ሳይሆን በውሉ ላይ ስሙ ለተጻፈው ባለቤት የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ በማዘዣው ላይም ለምን ኪራይ እንደሆነ ይጻፍ።